የዳክዬ ጫጩት እንደተፈለፈለ መጀመሪያ ያየውን ለምን ይከተላል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምኖረው አራት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው፤ ሥራዬ ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ባለፈው ዓመት ከቢሾፍቱ ሰባት የዳክዬ እንቁላል አምጥቼ ለግቢያችን ቀይ ዶሮ አስታቀፍኳት። አንዱ እንቁላል ከሸፈ፣ ስድስቱ ተፈለፈሉ። አምስቱ ዶሮዋን ተከተሉ። ስድስተኛው ግን የአክስቴን ነጠላ ጫማ ተከተለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጎረቤቱም ተማሪውም የሚጠይቀኝ ያው ስለሆነ፣ መልሴን እዚህ በአንድ ላይ ጽፌዋለሁ።

እውነት ያየውን ሁሉ ይከተላል?

ሁሉንም አይደለም። ወሬው በአብዛኛው እውነት ነው፤ ግን ሲነገር ሲነገር ሁለት ነገሮች ወድቀውበታል፤ ሰዓቱና ድምፁ።

ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ ይህን ጠባይ በ1935 (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ጽፎ ዓለም እንዲያውቀው ያደረገ ሰው ነው። ለጠባዩ የመረጠው የጀርመንኛ ቃል ሳንቲም ላይ ምስል ማተምን ያስታውሳል፤ በእንግሊዝኛው ኢምፕሪንቲንግ የሚባለውም ከዚያው የመጣ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ «ማተም» እላቸዋለሁ። ሎሬንዝ የግራጫ ዝይ ጫጩቶች ያለ ምንም ችግር ሰውን እንደሚከተሉ አየ። የዳክዬ ጫጩቶች ግን እምቢ አሉት፤ ሲያዩት ይሸሹ ነበር። ነገሩ የገባው ዝም ብሎ እንደሚሄድ ልብ ሲል ነው። እናት ዳክዬ ዝም አትልም። ስለዚህ እንደ ዳክዬ እየጮኸ፣ ቁጢጥ ብሎ በሣር ውስጥ መሄድ ጀመረ። ተከተሉት። ዝም ሲል ወይም ቀጥ ብሎ ሲቆም ማልቀስ ይጀምራሉ። ሣሩ ረዥም ስለነበር ጫጩቶቹ አይታዩም፤ ከአጥሩ ውጪ ቆመው የሚያዩት መንገደኞች የታያቸው አንድ ጺማም ሰው ብቻውን ቁጢጥ ብሎ «ቋ ቋ» እያለ ሲዞር ነበር።

ስለዚህ ጫጩቱ የሚከተለው የሚንቀሳቀስ፣ በጣም የማይረዝም፣ የሚደጋገም አጭር ድምፅ የሚያሰማና በትክክለኛው ሰዓት የመጣ ነገር ነው። አራቱ ከተሟሉ የነገሩ ማንነት ብዙም አያሳስበው፤ የካርቶን ሳጥንም፣ ኳስም፣ ሰውም ሊሆን ይችላል። ከአራቱ አንዱ ከጎደለ ጉዳዩ አጠራጣሪ ይሆናል።

እናቱን በመልኳ ለይቶ ቢወለድ አይሻልም ነበር?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ምክንያቱም መልሱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ካሉት እርግቦች ይጀምራል። የእርግብ ጫጩት ዓይኑ ሳይገለጥ፣ ላባ ሳያበቅል ነው የሚፈለፈለው። እናትና አባቱ ምግቡን አፉ ድረስ ያመጡለታል። የትም ስለማይሄድ ማንንም መከተል አያስፈልገውም።

የዳክዬ ጫጩት ደግሞ ለስላሳ ላባ ለብሶ፣ ዓይኑን ገልጦ ይወጣል፤ በአንድ ቀን ውስጥም ጎጆውን ትቶ ይሄዳል። ምግቡን ራሱ ይለቅማል። የሚጎድለው ሙቀትና ጥበቃ ነው፤ ሁለቱም ያሉት እናቱ ዘንድ ናቸው። ሃያ ሜትር ወደ ኋላ ከቀረ ብርድ ወይም ጭልፊት ይወስደዋል። መከተል የሚባል ነገር ለእሱ የሕይወት ጉዳይ ነው፤ ያውም ሳይዘገይ።

ታዲያ የእናቱን ምስል ተሸክሞ ለምን አይወለድም? አንዷ እናት ከሌላዋ ትለያለችና ነው። ጫጩቱ «ዳክዬ» የሚባለውን ወገን በጥቅሉ ቢያውቅ አይበቃውም፤ በአካባቢው ካሉት ዳክዬዎች የእሱን እናት መለየት አለበት፤ ሌላዋ እናት የሰው ጫጩት ስታይ ትነክሳለች። ያንን ደግሞ ከመወለዱ በፊት ሊያውቅ አይችልም። ጎጆ ውስጥ በመጀመሪያው ቀን አጠገቡ የሚንቀሳቀሰው ነገር ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል እናቱ ናት። «ቅርብህ ያለውን፣ የሚንቀሳቀሰውንና የሚጣራውን ያዝ» የሚለው ሕግ ቀላል ነው፤ በዱር ውስጥም አይሳሳትም። የሚሳሳተው ሰው እንቁላሉን ወደ ኩሽና ሲያመጣው ነው።

ስንት ሰዓት ድረስ ነው የሚሠራው?

ይህን በጥንቃቄ የለካው ኤክሃርድ ሄስ የተባለ አሜሪካ ውስጥ ይሠራ የነበረ ተመራማሪ ነው፤ ሥራው በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። ጫጩቶቹን በጨለማ አስፈልፍሎ፣ ክብ መንገድ ላይ የምትዞር ሰው ሠራሽ ዳክዬ አሳያቸው። ሆዷ ውስጥ ድምፅ ማጉያ ነበረባት። አንዳንዶቹን በተፈለፈሉ በጥቂት ሰዓት፣ ሌሎቹን ከግማሽ ቀን በኋላ፣ ሌሎቹን ከአንድ ቀን በኋላ አስገባቸው። በኋላ ያቺን የሚያውቋትን ከሌላ ጋር አቅርቦ የትኛዋን እንደሚመርጡ ፈተነ። በጣም የጠበቀ ትስስር የታየው በተፈለፈሉ ከ13 እስከ 16 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ባዩዋት ላይ ነው። አንድ ቀን ካለፋቸው በኋላ ያዩዋት ግን እያደር መሸሽ ያበዙ ነበር።

በእኔ ኩሽና የሆነውን በዚህ ላስረዳ። ዶሮዋ በ28ኛው ቀን አምስቱን ፈልፍላ በማግስቱ ይዛቸው ተነሳች። (የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ነው የሚፈጀው፤ ዳክዬ ሳምንት ይጨምራል። ዶሮዋ ያንን ሳምንት ታግሣ መቀመጧ ራሱ ውለታ ነው።) ስንጥቅ የታየበት አንድ እንቁላል ቀረ። ካርቶን ውስጥ ጨርቅ አንጥፌ፣ አምፖል ሰቅዬ ኩሽና አስቀመጥኩት። ሌሊት 8 ሰዓት ስነሳ ቅርፊቱ ውስጥ ነበር፤ 10 ሰዓት ስመለስ እርጥብ ሆኖ ተኝቷል። ተፈለፈለ የምንለው እንግዲህ 9 ሰዓት ላይ ነው።

ጠዋት ሁላችንም ገባን፣ ወጣን፣ ጎንበስ ብለን አየነው። ምንም አላመጣም። አንገቱን እንኳ በቅጡ አያቀናም ነበር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 13 ሰዓት ስትቆጥሩ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ትደርሳላችሁ፤ 16 ሰዓት ስትቆጥሩ ማታ 1 ሰዓት። አክስቴ ቡና የምታፈላው ደግሞ 10 ሰዓት ላይ ነው። ከምድጃው ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ ምድጃው፤ ለቆሎው፣ ለዕጣኑ፣ ለውኃው። በዚህ መሀል ጫጩቱ ከካርቶኑ ወጥቶ፣ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ተረከዟን ተጠግቶ ይሮጥ ነበር። የቀረነው ተቀምጠን ነበር፤ የምትንቀሳቀሰው እሷ ብቻ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰዓቱ እንደ ባቡር መነሻ የተቆረጠ አይደለም። ሁሉም ጫጩት በእኩል ደረጃ በስሎ አይወጣም፤ አንዱ ቀድሞ፣ አንዱ ዘግይቶ ይፈለፈላል። ጊልበርት ጎትሊብ የተባለ ተመራማሪ ዕድሜውን ከመፈልፈል ሳይሆን እንቁላሉ መታቀፍ ከጀመረበት ቀን ብንቆጥር ጊዜው ይበልጥ እንደሚጠብ አሳይቷል።

የመታተሚያ ጊዜው፣ ማለትም «መስኮቱ»፣ ለምን ይዘጋል?

ፍርሃት ስለሚመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጫጩቱ የሚፈራው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከዚያ ቀስ በቀስ እንግዳ ነገርን መሸሽ ይጀምራል፤ መሸሹ ከመጠጋቱ ሲበልጥ መስኮቱ ተዘጋ እንላለን።

ይህን መጀመሪያ ያየው ሎሬንዝ አልነበረም። ዳግላስ ስፖልዲንግ የተባለ እንግሊዛዊ በ1873 (እ.ኤ.አ.) የዶሮ ጫጩቶችን ልክ እንደተፈለፈሉ ጭንቅላታቸውን በትንሽ ቆብ ሸፈነ። ቆቡን ቀደም ብሎ ያወለቀላቸው ተከተሉት። አራት ቀን ሊሞላቸው ሲል ያወለቀላቸው ሦስቱ ግን እሱን ሲያዩ በድንጋጤ ሸሹ። ምንም ክፉ ነገር አላደረገባቸውም፤ ከዚያ በፊት አይተውትም አያውቁም። ፍርሃቱ የመጣው ከልምድ ሳይሆን ከዕድሜ ነበር።

ግን ዕድሜ ብቻም አይደለም። ጫጩቱ አንዴ የሚያውቀው ነገር ሲኖረው፣ የተቀረው ሁሉ «የማላውቀው» ይሆንበታል። መማሩ ራሱ በሩን ይዘጋል። ለዚህ ነው ምንም ሳያይ በጨለማ የቆየ ጫጩት በሩ ትንሽ ዘግይቶ የሚዘጋበት። ስለ መከፈቱ ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በ2012 (እ.ኤ.አ.) በዶሮ ጫጩቶች ላይ እንዳሳዩት፣ የታይሮይድ ሆርሞን ወደ አንጎል መግባቱ ለመማሪያው ጊዜ መጀመር ቁልፍ ነው። ሆርሞኑን በመስጠት ያለፈውን ጊዜ መልሰው መክፈት ችለዋል።

የአክስትህ ድምፅ ነው ወይስ ጫማዋ የሳበው?

ጫማዋ ነው እላለሁ፤ ማስረጃዬ ግን የኩሽና ማስረጃ ነው። የላስቲክ ነጠላ ጫማ ሊሾ ላይ «ጧ፣ ጧ፣ ጧ» ይላል፤ አጭር፣ የሚደጋገም፣ ከመሬት ቅርብ። በማግስቱ ጫማዋን እኔ አድርጌ ተራመድኩ። ያለ ማመንታት ተከተለኝ። አክስቴ በሸራ ጫማ ስትሄድ ጫጩቱ ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመና ጮኸ። («ለካ እኔን አይደለም የወደደው» ብላ ተቀየመች።) ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በባዶ እግሯም ስትሄድ ይከተላት ጀመር፤ በዚያ ጊዜ ሌላውን የእሷን ነገር ሁሉ አውቆ ነበር።

ድምፅ ያን ያህል ኃይል ያለው ጫጩቱ ከእንቁላል ሳይወጣ መስማት ስለሚጀምር ነው። ጎትሊብ ዳክዬ አይተው በማያውቁ ጫጩቶች ላይ የእናት ዳክዬንና የእናት ዶሮን ጥሪ አሰማ፤ የራሳቸውን ወገን መረጡ። ከደም የመጣ ዕውቀት ይመስላል። እሱ ግን አንድ ደረጃ ወረደ። ጫጩቶቹ ገና እንቁላል ውስጥ ሳሉ የራሳቸውንና የወንድሞቻቸውን ጩኸት ይሰማሉ። ድምፅ እንዳያወጡ አድርጎ፣ ከሌሎቹም ለይቶ ያስፈለፈላቸው ጫጩቶች የዳክዬን ጥሪ ከዶሮ መለየት ላይ ተሳሳቱ። ከተፈጥሮ የመጣ የመሰለው ምርጫ ውስጥ በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ የተሰማ ድምፅ ነበረበት። ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ በጣም የሚደንቀው ይህ ነው፤ ከሎሬንዝ ጺም ይልቅ።

ዶሮ ያሳደገቻቸው አምስቱ ራሳቸውን ዶሮ ነን ብለው ያስባሉ?

የሚያስቡትን አላውቅም፤ የሚያደርጉትን ግን አይቻለሁ። ስትጣራ ይሮጣሉ፤ ክንፏ ሥር ይገባሉ። ነገር ግን ትልቁን ሳፋ ውኃ ሞልቼ ሳስቀምጥላቸው አምስቱም ገቡ፤ ዶሮዋ ዙሪያውን እየዞረች ጮኸች። መዋኘትና ውኃ ውስጥ በመንቁር መፈለግ ከእናት የሚማሩት አይደለም። በማተም የሚገባው «ማንን ልከተል» የሚለው ነው።

ኋላ ላይ «ማንን ልፈልግ» የሚለውም አለ። በሌላ ዝርያ ያደጉ ወንድ ዳክዬዎች ሲጎለምሱ ያንን ዝርያ ሊያሽኮረምሙ ይችላሉ። ይህኛው የሚቀረጸው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ለሳምንታት አብሮ በመኖር ነው። የእኔዎቹ ወንድምና እህት አብረው ስላደጉ ችግር አልገጠማቸውም።

አንዴ ከታተመ አይለወጥም?

ሎሬንዝ አይለወጥም ብሎ ነበር። በኋላ የመጡ ሙከራዎች ይህን አለዝበውታል፤ በተለይ ጫጩቱ ገና ትንሽ ሳለ ከሌላ ነገር ጋር በቂ ጊዜ ካሳለፈ ዝንባሌው ሊዞር ይችላል። ብቻ እንዲሁ በጉልበት አይሆንም።

እኔ በጉልበት ሞክሬ ተሳስቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ስድስተኛውን አንሥቼ ዶሮዋ ፊት አስቀመጥኩት። እሱ ዶሮ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ሮጦ ከከሰል ማዳበሪያው ሥር ተደበቀ። እሷም እንደ ባዕድ ቆጥራ ጭንቅላቱን ጠነቆለችው። የሁለቱም መስኮት ተዘግቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ እናትም የራሷን ጫጩቶች ታውቃለችና።

የሠራው በወንድሞቹ በኩል መሄዱ ነው። ሁለቱን ቀን ቀን እያመጣሁ ካርቶኑ ውስጥ ከእሱ ጋር አደረግኳቸው፤ ማታ ወደ ዶሮዋ እመልሳለሁ። መጀመሪያ ጥግ ይዞ ይጮህ ነበር። በሁለተኛው ቀን ተጠጋግተው ተኙ። በአራተኛው ቀን ሁለቱን ስወስድበት ለእነሱ ጮኸ፤ የጫማውን ድምፅ ሰምቶም ዝም አላለም። ያን ጊዜ ነገሩ መዞሩን አወቅኩ። በአምስተኛው ሌሊት መብራት አጥፍቼ ሦስቱንም ከዶሮዋ ሆድ ሥር አስገባኋቸው። ጠዋት ሁለቴ ጠነቆለችው፤ ከዚያ ተወችው። እሱ ግን እሷን ተከተለ ለማለት ይከብደኛል። የሚከተለው ወንድሞቹን ነው፤ ወንድሞቹ ደግሞ እሷን።

ይህን ያህል የሚያደርገው አንጎሉ ምን ያህል ነው?

ትንሽ ነው፤ ግን አትናቁት። በካምብሪጅ ጋብርኤል ሆርንና ባልደረቦቹ በዶሮ ጫጩቶች ላይ ለዓመታት ሠርተው፣ ይህ ትምህርት የሚቀመጥበትን ትንሽ የፊተኛ አንጎል ክፍል ለይተዋል፤ ያ ክፍል በሁለቱም በኩል ከተጎዳ ጫጩቱ የሚያውቀውን ነገር ከሌላው አይለይም። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ኦክስፎርድ ውስጥ የዳክዬ ጫጩቶች በእንቅስቃሴ ላይ ያሉ ሁለት ቅርጾች ታዩአቸው፤ ለአንዳንዶቹ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ ለሌሎቹ የተለያዩ። በኋላ አይተዋቸው የማያውቁ አዳዲስ ቅርጾች ሲቀርቡላቸው፣ አብዛኞቹ «አንድ ዓይነት» ወይም «የተለያየ» የሚለውን ዝምድና ተከተሉ። ቅርጾቹ ተቀይረዋል፤ ጫጩቱ የያዘው በመካከላቸው ያለውን ነገር ነው።

ገፈርሳ ግድብ ዳር ብቻውን የሚጮህ ጫጩት አየን፤ እናምጣው?

አታምጡት። እናቱ እናንተን አይታ ራቅ ብላ ሊሆን ይችላል። ርቃችሁ ጠብቁ፤ ጩኸቱ የሚጠራት እሷን ነው። ይዛችሁት ከመጣችሁ ከመኪና ውስጥ የሚወጣው እናንተን ፈላጊ ሆኖ ነው።

ልጆቼ ቤት ውስጥ ሊሞክሩት ይፈልጋሉ። ምን ትላለህ?

አንድ ጫጩት ብቻ አታስፈልፍሉ። ሰውን ብቻ የሚያውቅ ዳክዬ፣ ሰዉ ትምህርት ቤትና ሥራ ሲሄድ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል፤ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ደግሞ ድምፅ አይከለክልም። ቢያንስ ሦስት ይሁኑ።

ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሂድ። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ለእነሱ አደገኛ ነው። መብራት ከጠፋ ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ። ተሰብስበው አንዱ በሌላው ላይ ከወጡ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል።

የመጠጫ ውኃው መንቁራቸውና አፍንጫቸው የሚገባበት ያህል ብቻ ይጥለቅ። ጠጠር ጣል አድርጉበት፤ ገብተው እንዳይነከሩ። የዶሮ ጫጩት መኖ ይበላሉ፤ ግን ዳክዬ ከዶሮ የበለጠ ቫይታሚን ቢ3 ይፈልጋል። እግራቸው ሲደክም፣ ቁርጭምጭሚታቸው ሲያብጥ ካያችሁ ሳትዘገዩ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። ካርቶኑ ላይ ጋዜጣ አታንጥፉ፤ ያንሸራትታቸውና እግራቸው ወደ ጎን ይከፈታል። አሮጌ ፎጣ ይሻላል።

ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ቡና የሚያፈላው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተነጋገሩ።